25 ቃል ከቶንጎ

ለአንድ ወርኃዊ መጽሔት የአርትዖት ሥራ በምሠራበት ጊዜ፣ ከኋለኞቹ ገጾች በአንዱ፣ ከአንድ ቋሚ ዓምድ ግርጌ፣ ከቀጭን መስመር በታች እንዲህ የሚል ማስታወሻ በየወሩ ይወጣ ነበር፦

«ጸሐፊው በማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ ቶንጎ ከተማ የአማርኛ መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ አማርኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ አድርገው ይማሩታል። ይህን ዓምድ የሚጽፈው በገበያ ቀን ማታ ነው።»

25 ቃል ነው። ብዙ ሰው ዓምዱን አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑ ሳያውቀው ያልፍበታል፤ እኔም ለሌላ ጽሑፍ ቢሆን አልፈው ነበር። ይህ ግን እንዴት እንደተሠራ ከመጀመሪያው ስላየሁ፣ ጥሩ አገልግል የያዘ ሰው መክደኛውን ገልብጦ ስፌቱን እንደሚያየው፣ እያገላበጥሁ ባየው አልጠግበውም።

መምህሩ መጀመሪያ የላኩት ይህን አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው ጋር አብሮ የመጣው የሚከተለው ነው፤ ስማቸውን ብቻ አውጥቼዋለሁ፦

«መምህር እገሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የቶንጎ ከተማ ተወላጅ፣ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአማርኛ ቋንቋ ዲፕሎማቸውን ያገኙ፣ ለ15 ዓመታት በማስተማር ከፍተኛ ልምድ ያካበቱ፣ ከቶንጎ የስደተኞች መጠለያ አቅራቢያ የሚኖሩ፣ የማኦኛ ተናጋሪ፣ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት እንዲሁም በርካታ ግጥሞችንና መጣጥፎችን ለንባብ ያበቁ የሥነ ጽሑፍ ሰው ሲሆኑ ጽሑፉ የግላቸውን አመለካከት ብቻ የሚያንፀባርቅ መሆኑን እንገልጻለን።»

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። ጋዜጦቻችን ሁላችንንም እንዲህ እንድንጽፍ አስተምረውናል። ሪፖርተርን የሚያነብ ሰው «ከአዘጋጁ፡-» ብሎ የሚጀምረውን ማስታወሻ በቃሉ ያውቀዋል፤ ጸሐፊው ምን እንደሆኑ፣ ጽሑፉ የማንን አመለካከት እንደሚያንፀባርቅ፣ በየትኛው አድራሻ ማግኘት እንደሚቻል በአንድ ትንፋሽ ይነገረዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጽፍ እንግዳ ይህ አይከፋም፤ በሩ ላይ ቆሞ መታወቂያውን እንደማሳየት ነው። በየወሩ ለሚመጣ ሰው ግን በየወሩ መታወቂያ አይጠየቅም።

ነገሩ በአማርኛ የሚከብደው በግሡ ምክንያት ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ስለ አንድ ሰው የምንናገረው ሁሉ ከፊቱ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከላይ ባለው ማስታወሻ አንባቢው ተወላጁን፣ ተመራቂውን፣ ባለ ልምዱን፣ ጎረቤቱን፣ ተናጋሪውን፣ ባለትዳሩን፣ አባቱንና የሥነ ጽሑፍ ሰውን አንድ በአንድ ተሸክሞ «ሲሆኑ» እስኪደርስ ይሄዳል። እዚያም ደርሶ አይራገፍም፤ «ሲሆኑ» ማጠፊያ እንጂ መዝጊያ አይደለም። ከማጠፊያው ወዲያ ያለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የሦስት ልጆች አባት መሆናቸውና አመለካከቱ የግላቸው መሆኑ ምን ያገናኛቸዋል? ምንም። ያገናኛቸው «ሲሆኑ» ነው። የማስታወሻ ጸሐፊዎቻችን ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሲፈልጉ የሚያነሡት ማጣበቂያ ይህ ቃል ነው። «በሙያቸው የግብርና ባለሙያ ሲሆኑ በኢሜይል አድራሻቸው ማግኘት ይቻላል» የሚል ሳነብ፣ ሰውየው ወደ ንግድ ቢዞሩ ኢሜይላቸው ይዘጋ ይሆን እያልሁ ለብቻዬ እስቃለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማጠፊያውን መንቀል ነበር። በአጭሩ ማስታወሻ ውስጥ «ሲሆን» የለም። የመጀመሪያው ሐረግ «ነው» ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ድርብ ሰረዝ ይመጣል። ያ ድርብ ሰረዝ ቦታውን ያገኘ ነው። ከኋላው የሚመጣው ስለ ተማሪዎቹ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ራሱን ችሎ መቆም ይችል ነበር፤ በአራት ነጥብ ቢለይ ግን ስለ ሌላ ነገር የተነገረ ይመስላል። በድርብ ሰረዙ ግን የፊተኛው መልስ ይሆናል፦ የአማርኛ መምህር ነው፤ እንዴት ያለ አማርኛ? የልጆቹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ የሆነ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ግሥ፣ በሁለቱም ላይ አንባቢው ያርፋል።

ቀጥሎ «ተወላጅ» የሚለው ቃል መጣ። እዚህ ላይ በስልክ ረጅም ጊዜ ተነጋገርን።

«መምህር፣ የተወለዱት ቶንጎ ነው?» አልኋቸው።

«የለም፤ የተወለድሁት በቤጊ በኩል ነው። በሕፃንነቴ ነው እዚህ የመጣሁት።»

ቤጊ ከቶንጎ ሩቅ አይደለችም። ሆኖም በኦሮሚያ ክልል ናት፤ ቶንጎ ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ። በሌላ አገር ቢሆን ይህ የሰፈር ለውጥ ነው። በእኛ አገር፣ በተለይም በዚህ ክልል፣ «ተወላጅ» የሚለው ቃል የትውልድ ቦታን ብቻ አይናገርም። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ብሎ ያውቃል፤ ሌሎች ሕዝቦችም በክልሉ እንደሚኖሩ ይገልጻል። በዚህ መሬት ላይ «የቶንጎ ተወላጅ» ብሎ መጻፍ አንባቢ ሳይጠይቅ የይዞታ ማስረጃ እንደማውጣት ነው። አንዱ አንባቢ «የእኛ ሰው ነው» ይላል፤ ሌላው «ማን ነኝ ሊል ነው?» ይላል። ሁለቱም ከጽሑፉ ይወጣሉ።

«እንግዲያው ነዋሪ እንበለው» አልሁ።

መምህሩ ዝም አሉ። ቆይተው «ነዋሪ የቀበሌ ቃል ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ነዋሪ» ሰውየውን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ መዝገብ ውስጥ ያስገባዋል። ያለበትን ይናገራል እንጂ እዚያ ምን እንደሚሠራ አይናገርም።

መፍትሔው ሁለቱንም ቃላት መተው ሆነ። «በ... ቶንጎ ከተማ የአማርኛ መምህር ነው»። ቦታውን ከሰውየው ማንነት ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር አሰርነው። የት እንደተወለደ አይታወቅም፤ የት ቆሞ እንደሚያይ ግን ይታወቃል፤ አንባቢም ከዓምደኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ማኦ ኮሞ ልዩ ወረዳ» የሚለውም የገባው ለጌጥ አልነበረም። የመጀመሪያው ዕትም ሊወጣ ሲል አራሚያችን «ቶንጎ»ን በቀይ ከብቦ «ኮንጎ» ብሎ አርሞት አገኘሁት። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ስሟ ብቻዋን የት እንደሆነች አትናገርም፤ የወረዳው ስም ሲቀድማት ግን ማንም ኪንሻሳን አያስብም። ክልሉን መጻፍ አላስፈለገም፤ ወረዳውን የሚያውቅ ክልሉን ያውቃል፣ የማያውቅም አንድ ፍንጭ ይዞ ይሄዳል።

«የማኦኛ ተናጋሪ» የሚለውን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። እኔ እንዲቀር ነበር የፈለግሁት፤ ቀለም ያለው መስሎኝ። «የትኛውን ማኦኛ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ማኦ የሚለው ስም ብቻውን ከአንድ በላይ ቋንቋ ይሸፍናል፤ በባምባሲ በኩል የሚነገረው አንድ ነው፣ በቤጊ በኩል ሆዞና ሴዜ የሚባሉ አሉ። ኮሞ ደግሞ ስሙ ከማኦ ጋር በአንድ ወረዳ ስም ተጣምሮ ቢኖርም የቋንቋ ምሁራን ከሌላ ቤተሰብ ነው የሚመድቡት፤ የማኦ ቋንቋዎች ከኦሞቲክ ሲቆጠሩ ኮሞ ከኮማን ነው። ትክክል ለመሆን አንድ መስመር ማብራሪያ የሚጠይቅ ቃል በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስታወሻ ውስጥ ቦታ የለውም። የተተካበት ነገር ግን ከእሱ ይበልጣል፦ «ተማሪዎቹ አማርኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ አድርገው ይማሩታል»። የየትኛውም ቋንቋ ስም አልተጠራም፤ የክፍሉ ድምፅ ግን ተሰማ። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ልጁ ግን ወደ ክፍል የሚገባው ከሌላ ቋንቋ ቤት ነው፣ ምናልባትም በገበያ በሌላ ሦስተኛ ቋንቋ ሲገበያይ ውሎ።

ይህ ሐረግ ሌላም ይሠራል። የመምህሩ ዓምድ ስለ ቃላት ነበር፤ አንድ ዕቃ በገበያ ላይ ስንት ስም እንዳለው፣ ልጆች የአማርኛን ግሥ ሲያረቡ የት ላይ እንደሚሰናከሉና መሰናከላቸው ስለ ግሡ ምን እንደሚያሳይ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው «ይህን የማየት መብት ከየት አመጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዲፕሎማው ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ በአማርኛ አፉን ያልፈታ ክፍል ፊት በየቀኑ የሚቆም ሰው መሆኑ ግን መልስ ነው። ማስታወሻው ሙያውን ሲያሳይ ማስረጃ አላቀረበም፤ ወንበሩ የት እንደተቀመጠ ብቻ ጠቆመ። «በርካታ»ም፣ «ከፍተኛ»ም፣ «አንጋፋ»ም አላስፈለገውም።

የ«15 ዓመታት» ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን የቋሚ ዓምድ ማስታወሻ ከእንግዳ ማስታወሻ የሚለይበት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቋሚ ማስታወሻ አንድ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ወር ያገለግላል። ቁጥር ከገባበት እንደ ወተት ነው፤ ቀኑን ጠብቆ ይበላሻል። በ2012 «15 ዓመታት» እውነት ነበር፤ በ2014 ውሸት ይሆናል፤ የሚያስታውሰውም አይኖርም። የልምድ ዘመን የግድ መጻፍ ካለበት «ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ» ማለት ይሻላል፤ ይህ አያረጅም። የልጆች ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ አራተኛ ልጅ ሲወለድ አዘጋጁን የሚያስታውስ አባት አላየሁም። ቀልድም ከዚህ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ወር ያሳቀ ማስታወሻ በሦስተኛው ወር ፈገግ ያሰኛል፤ በስድስተኛው አንባቢው ይሸማቀቃል። «በገበያ ቀን ማታ» የምትለው ሐረግ ቀልድ አይደለችም፤ ግን ትንሽ ፈገግታ አለባት። ዐሥር ጊዜ ቢነበብም የማያልቅ ዓይነት ፈገግታ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ናት፣ በየሳምንቱም ትደገማለች። ሰውየው ከገበያ ተመልሶ፣ የሰማውን ቃል ሳይረሳ፣ ማታ ይጽፋል። ዓምዱ ለምን የወሬ ሽታ እንዳለው ማስታወሻው በሰባት ቃል ተናገረ።

የግርጌ ማስታወሻ የማያስፈልገው ዓምደኛ ማን እንደሆነ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ የአዲስ አድማሱን ኤፍሬም እንዳለን አነሣ ነበር። «እንጨዋወት» የሚለው ዓምዱ ገና በርዕሱ ጸሐፊውና አንባቢው እንዴት እንደሚቀመጡ ይናገራል፤ ከዚያም በሰላምታ ይጀምራል። እንዲህ ላለ ዓምድ ግርጌው ላይ የጸሐፊ ማስታወሻ ማስቀመጥ ለጎረቤት ራስን እንደማስተዋወቅ ነው። ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ደግሞ ማስታወሻውን ከስሙ በፊት አስቀምጦታል፤ «ዲያቆን» የምትለዋ አንዲት ቃል ጽሑፉ ከየት በኩል እንደሚናገር ትነግረናለች። እነዚህ ሁለቱ መንገዶች ለታወቀ ሰው ናቸው። ከቶንጎ ለሚጽፍ ገና ላልታወቀ ሰው ግን ርዕሱም ስሙም ይህን ሸክም አይችሉትም። ማስታወሻው መሥራት አለበት።

አሁን ወደ «ነው» ልመለስ። መጀመሪያ እኔ «መምህር ናቸው» ብዬ ነበር የጻፍሁት። የጋዜጣ ልማድ ነው፤ ሥርዓትም ነው፣ ሰውየውም ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። በእኛ ቋንቋ ይህ አንድ ቃል የጽሑፉን ልብስ ይቀይራል። ዓምዱ ውስጥ «እኔ» እያለ፣ ከልጆች ጋር እየሳቀ፣ አንዳንዴም በራሱ ስሕተት እየቀለደ የሚጽፍ ሰው፣ ግርጌው ላይ «ናቸው» ሲባል ከረባት አስረው ያቆሙት ይመስላል። አንባቢው ገና ከእሱ ጋር ተቀምጦ ሳለ ድንገት እንዲነሣ ይደረጋል። ይህን ለመምህሩ ስነግራቸው አንድ ጊዜም አላመነቱም።

«ነው በለው፤ ተማሪዎቼ 'ናቸው' ይሉኛል፣ ይበቃኛል።»

አንባቢው እንደሚያየው፣ እኔ ግን ስለ እሳቸው ስጽፍ እስካሁን «ናቸው» ነው የምለው። ይህ አለመጣጣም አይደለም። እኔ ስለ አንድ የማከብራቸው ሰው እየተናገርሁ ነው፤ ማስታወሻው ግን ከዓምዱ ጋር አንድ ድምፅ መሆን አለበት። ሴት ዓምደኛ ብትሆን ደግሞ ሌላ ስሌት ይመጣል። «ናቸው» ጾታን አይናገርም፤ «ጸሐፊዋ» የሚለው ብቻ ነው የሚናገረው። ከ«ጸሐፊዋ» ጋር «ነች» ሲመጣ ድምፁ ቅርብ ይሆናል፣ «ናቸው» ሲመጣ ይርቃል። አዘጋጆች ብዙ ጊዜ ወንዱን «ናቸው» ሴቷን «ነች» ብለው ያልፋሉ፤ ይህ ቸልታ በግርጌ ላይ ለአንባቢ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ለሁሉም አንድ ሕግ መያዝ ይሻላል፣ ወይም እያንዳንዱን ጠይቆ መጻፍ። የኛ መጽሔት መጠየቅን መረጠ።

ስሙም ግርጌ ላይ አልተደገመም። ስሙ ከላይ በርዕሱ ሥር አለ። ማስታወሻው «ጸሐፊው» ብሎ ይጀምራል፤ ይህም ሌላ ችግር ያስቀራል። በአማርኛ ስም ከጻፍህ የሚገልጹት ነገሮች ሁሉ ከፊቱ መምጣት ይፈልጋሉ፣ «በቶንጎ የሚያስተምረውና በገበያ ቀን የሚጽፈው አቶ እገሌ» እያሉ። «ጸሐፊው» ሲቀድም ግን አንባቢው ስለ ማን እንደሚነገር ከመጀመሪያው ቃል ያውቃል፤ ቀሪው ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይቆለልም። በድሮ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ የምናገኛቸውን ማስታወሻዎች አስቡ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደጻፈው፣ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው የሚለምንባቸውን። በእነዚያ ውስጥ የባለቤቱ ስም አንዳንዴ ተፍቆ በላዩ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስሙ ይለወጣል፤ የተቀረው ማስታወሻ ግን እንዳለ ይቀራል። የማስታወሻውን ስፌት አስቀድሞ የሠራው ሰው ይህን የሚችል አድርጎ ሠርቶታል ማለት ነው።

«አመለካከቱ የግላቸው ነው» የሚለውን ሐረግ ሙሉ በሙሉ አላስወጣሁትም። ከማስታወሻው አውጥቼ በመጽሔቱ የአዘጋጆች ዝርዝር ሥር፣ ለሁሉም ዓምዶች አንድ ጊዜ፣ አስቀመጥሁት። ያ ዐረፍተ ነገር የመጽሔቱ ነው እንጂ የጸሐፊው አይደለም። ከ25 ቃል ውስጥ 7ቱን መጽሔቱ ራሱን ለመከላከል ቢወስድ የጸሐፊው ምን ይቀራል?

ስለ ፊደሉም አንድ ነገር ልናገር፤ የገጽ ቀማሪያችን ማስታወሻውን ዘንበል ባለ ፊደል ሊያወጣው ነበር። ላቲኑ ለዚህ የራሱ የተቀረጸ ዘንበል ያለ ፊደል አለው፤ የኛ ግዕዝ ግን በሶፍትዌር ሲገፋ ቀጥ ያለው እግሩ ብቻ ነው የሚንጋደደው፣ የሚታየውም የተገፋ አጥር ነው። ማሳነስም ወሰን አለው። ፊደላችን ድምፁን የሚለየው በትንንሽ ምልክት ነው፤ ገጹ በርካሽ ወረቀት ሲታተም ቀለሙ ይሰፋና «ቶ» እና «ቱ»፣ «ጎ» እና «ጉ» ይቀራረባሉ። ቶንጎ ቱንጉ ሆና ልትነበብ ትችላለች። ስለዚህ ከዓምዱ ፊደል አንድ ነጥብ ብቻ አሳንሰን፣ ቀጥ አድርገን፣ ከላዩ አጭር ቀጭን መስመር አሰመርንበት። መስመሩ የዓምዱን ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ነበር። ሙሉ ስፋት ቢሆን ማስታወሻውን ከጽሑፉ ይቆርጠዋል።

የቀረው የስደተኞች መጠለያው ነው። መምህሩ «ከመጠለያው አቅራቢያ የሚኖሩ» ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው ድንበር ተሻግሮ መጣ፤ የቶንጎ መጠለያም በ2004 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቶንጎ የሚለውን ስም በዜና የሰማ ሰው የሰማው ከመጠለያው ጋር ነው። መምህሩ አንባቢው የሚያውቀውን ምልክት ሰጡት። ጥሩ አሳብ ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ለመተው ያንገራገርሁት እሱን ነው። የተውነው በቦታ ጥበት ብቻ ነበር፤ አስቀድሞ የታየን ነገር አልነበረም።

በጥር 2014 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣው ግጭት መጠለያው ተዘርፎ ተቃጠለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችም ወደ አሶሳ በኩል ሸሹ። ሐረጉ በማስታወሻው ውስጥ ቢኖር ኖሮ፣ በሚቀጥለው ዕትም ግርጌ ላይ የማይገኝ ቦታ ስም እናትም ነበር።

ማስታወሻው ግን በሌላ በኩል ተፈተነ። መምህሩ ከቤተሰባቸው ጋር አሶሳ ዘመድ ቤት ገቡ። ዓምዱ አንድ ወር ቀረ። በሁለተኛው ወር ጽሑፋቸው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ መጣልን፤ በእጅ ጽሑፍ፣ በተማሪ ደብተር ወረቀት ላይ። ገጹ ሲዘጋጅ እኔ ማስታወሻው ላይ ቆምሁ። «በቶንጎ ከተማ የአማርኛ መምህር ነው»። አሁን «ነው»? ወይስ «ነበር»? ደወልሁላቸው።

«ነበር ካልኸው የሞትሁ ይመስላቸዋል» አሉኝ።

«ነው ካልሁትስ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ መምህር።»

«ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሹመቴ ግን እዚያው ነው። 'ነው' ይሁን።»

«ነው» አልነው። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ወጣ። ስለ ሥራው እንጂ ስላለበት ቦታ የማይናገር ስለነበር ቻለው፤ «በቶንጎ የሚኖር» ብንል ኖሮ ያን ዕለት መፋቅ ነበረብን። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግን አልቻለም። «ይህን ዓምድ የሚጽፈው በገበያ ቀን ማታ ነው» ከአሁን በኋላ እውነት አልነበረም። «አሶሳም ገበያ አላት» ብዬ ልሞግት ሞክሬ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳቁብኝ። «እዚህ ማንም ቃል የሚነግረኝ የለም፤ ሁሉም ዜና ነው የሚነግረኝ» አሉ። ዐረፍተ ነገሩን አወጣነው። ቀማሪያችን ክፍት የቀረውን ቦታ በኢሜይል አድራሻ ሊሞላው ጠየቀኝ፤ እምቢ አልሁ። አንድ ከግማሽ መስመር ባዶ ሆኖ ወጣ።

ሦስት ዕትም እንዲያ ወጣ። በሦስተኛው ዕትም ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አንድ አንባቢ ደወሉ። ስለ ጽሑፉ አንድም ቃል አላነሡም።

«ልጄ፣ የመምህሩ ገበያ ቆመ እንዴ?» አሉኝ።